በአንድ ፊደል የሚለሰልስ ደብዳቤ፦ የፈረንሳይኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው፤ ከአቅራቢ ጋር በደብዳቤ መደራደር። አባላቱ ገዢና አቅራቢ ሆነው ለሁለት ተከፈሉ። የአቅራቢው ቡድን ለ120 ወንበሮች የዋጋ ማቅረቢያ (ፈረንሳዮቹ «ድቪ» የሚሉትን) አዘጋጅቶ ርክክቡ በ45 ቀን እንደሚሆን አሳወቀ። ገዢዎቹ የፈለጉት 8 በመቶ ቅናሽና የ30 ቀን ርክክብ ነበር። በቃል መነጋገር ተከለከለ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ «ኑ ቩሎን»፣ ማለትም «እንፈልጋለን» ብሎ ጀመረ። ሰዋስውም ሆነ ፊደል አልተሳሳተም። አቅራቢዎቹ ግን «አይቻልም» የሚል የአንድ መስመር መልስ ሰጡ። አንዲት አባል «ምኑ ነው የከፋው?» ብላ ስትጠይቅ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ መልሰን ለማናውቃቸው ትልቅ ሰው እንደተላከ አድርገን አነበብነው። ሁሉም ወዲያው «ቢቀንሱልን» ወደሚለው ዞረ። በእኛ «ቢ» የሚሠራውን ሥራ ፈረንሳይኛ ለግሡ መጨረሻ ይሰጠዋል። «ዠ ሱኤትሬ» ማለት «ብጠይቅ ደስ ይለኛል» እንደማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን እዚህ ላይ ነው። «ዠ ሱኤትሬ» በወደፊት ጊዜም በልመና መልክም ሲነገር ብዙ ሰው አይለየውም፤ በእኛ ፊደልም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ግን ልመናው መጨረሻው ላይ የማትነበብ «ኤስ» አለችው። እሷ ከተረሳች ትሕትናው ጠፍቶ «ወደፊት እመኛለሁ» የሚል እንግዳ ዐረፍተ ነገር ይቀራል። ካረምኳቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ላይ የጎደለችው ይህች ፊደል ነበረች።

ሁለተኛዋ ፊደል «አይ» ናት፤ ዋጋ ያስከፈለችንም እሷ ናት። ገዢዎቹ በሦስተኛው ደብዳቤ «ሲ ቩ ኑ ዛኮርዴ» ብለው «ቅናሽ ከሰጡን 150 እናዛለን» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። «ሲ» ከአሁን ጊዜ ግሥ ጋር ሲሆንና ተከታዩ ግሥ ወደፊት ሲሆን እንደ እኛው «ከሰጡን እናዛለን» ቁርጥ ያለ ቃል ነው። ስንት በመቶ እንደሆነ ግን አልጻፉም። አቅራቢዎቹ 2 በመቶ ቀንሰው «እንግዲህ 150 እዘዙ» አሉ። ልጆቹ ተናደዱ፤ እኔም ለአቅራቢዎቹ ፈረድኩ። በቀጣዩ ደብዳቤ «አይ» ገብታ «ሲ ቩ ኑ ዛኮርዲዬ» ሆነ፤ ተከታዩም «ኑ ስሪዮን ዲስፖዜ አ»፣ «8 በመቶ ቢሰጡን ብዛቱን ለመጨመር ፈቃደኞች እንሆን ነበር»። ይህ በሩን ይከፍታል እንጂ አያስርም። አንዳንዶች ትሕትናን አብዝተው ከ«ሲ» ቀጥሎም የልመናውን መልክ ይጽፋሉ፤ ያ ግን በፈረንሳይኛ ስሕተት ነው። ከ«ሲ» ቀጥሎ ያለው ግሥ ያለፈ ጊዜ መልክ ይይዛል፣ ልመናው የሚመጣው በሁለተኛው ግሥ ነው።

ከዚያ ተራው የአቅራቢዎቹ ለስላሳነት ሆነ። «ኑ ፑሪዮን ኤቫንቱኤልማን» ብለው ስለ 60 ወንበሮች በ30 ቀን ጻፉ። ገዢዎቹ ሁለተኛውን ቃል ከሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አምታተው «በመጨረሻ ይደርሳል» ብለው አነበቡና ደስ አላቸው። ቃሉ ግን «እንደ ሁኔታው፣ ምናልባት» ማለት ነው። «ልንችል እንችል ይሆናል፣ ምናልባት» የሚል ደብዳቤ ደግሞ ተስፋ አይደለም። «ዴሌ» የሚለውም ያው ነው፤ የተሰጠ የጊዜ ገደብ እንጂ መዘግየት አይደለም። አንድ ልጅ «የርክክብ ዴሌ» የሚለውን አይቶ አቅራቢዎቹ ገና ከአሁኑ መዘግየታቸውን እያመኑ ነው ብሎ ሊከራከር ነበር።

ያን ዕለት ሰሌዳ ላይ የጻፍነው መመሪያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተሰረዘም፤ የሚለሰልሰው የጥያቄው ግሥ ነው፤ ቀኑና ቁጥሩ አይለሰልሱም። ስለዚህ «ፑሪዬ ቩ ኑ ኮንፊርሜ»፣ «ሊያረጋግጡልን ይችሉ ይሆን» ብለን እንጀምራለን፤ ከዚያ «60 ወንበሮች፣ ኦ ፕሉ ታር (ቢዘገይ) መጋቢት 12» ብለን ቁልጭ አድርገን እንጽፋለን። «ዳን ሌ ሜየር ዴሌ»፣ «በተቻለ ፍጥነት» ማለት ያምራል፤ ቀን ስለሌለው ግን ቢዘገዩ የምንይዘው ነገር የለም።

በስምምነቱ ገዢዎቹ 5 በመቶ «ረሚዝ» አገኙ፤ ወንበሮቹም 60ው በ30 ቀን፣ ቀሪው በ45 ቀን እንዲደርሱ ሆነ። ከዚያ በልምምዱ አራት ወንበሮች ተጭረው «ደረሱ» ብዬ አስታወቅሁ። ሁሉም እንደገና «ረሚዝ» ሊጠይቁ ሲሉ ያቺው የመጀመሪያ ቀን ጠያቂ አባል አስቆመቻቸው። «ረሚዝ» ለብዛት ወይም ለደንበኝነት የሚሰጥ ቅናሽ ነው፤ ለጉድለት ወይም ለመዘግየት የሚጠየቀው «ራቤ» ነው። ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው። በ«ዠ ሱኤትሬ» ጀምራለች፤ «ኤስ»ም አለች።