ስለ ሱፍ ማልበስ ሥራችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ ጉርድ ፎቶ ላይ በኮምፒውተር ሱፍ ማልበስ ከ50 ወደ 150 ብር ጨምሯል። የሚደርሰውም በማግስቱ ነው። «ድሮ ቡና ጠጥተን እስክንመለስ ትጨርሱልን ነበር» ብላችሁ የተቆጣችሁ ብዙ ናችሁ። ቀድመን አለማሳወቃችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ዋጋውን ግን መመለስ አልችልም። ምክንያቱን ስሙኝ።

በሰኔ አንድ ልጅ እኛ ጋ ያሠራውን ፎቶ ይዞ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ቀጣሪዎቹ ኮቱ ያንተ አይደለም አሉኝ» አለኝ። አንገቱን ቀና አላደረገም። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው እኔም አፈርኩ።

የልጁ ፊት ላይ ብርሃን የመጣው ከግራ ነው። ኮምፒውተራችን ላይ ያለው ሱፍ ግን ከቀኝ በበራ መብራት የተነሳ ነው። ሠራተኛችን እንዲገጥምለት ኮቱን እንደ መስታወት ገለበጠው። ብርሃኑ ገጠመ፣ የደረት ኪሱ ግን ወደ ቀኝ ሄደ። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው። የቁልፉም አቅጣጫ የሴት ሆነ።

አንገቱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ኮሌታ አንገትን ይዞራል፤ የኋላው ከአንገት ጀርባ፣ የፊቱ ከአንገት ፊት ይውላል። እኛ ግን የልጁን ፊት ቆርጠን ኮሌታው ላይ ለጥፈን ነበር። ጥላም አልነበረውም፤ ስለዚህ ሸሚዙ የተለጠፈ ወረቀት መሰለ።

በነፃ እንደገና ሠራሁለት፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ብርሃኑ ከግራ የሆነ ሌላ ሱፍ መረጥኩ። ኮሌታውን ለሁለት ከፍዬ የኋላውን ከአንገቱ ሥር፣ የፊቱን ከላይ አደረግኩ። ጨርቁ ቆዳውን በሚነካበት መስመር ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ ጥላ ጨመርኩ፤ ከአገጩ ሥር ደግሞ ሰፊና ለስላሳ። የልጁ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ይላል፣ ኮቱንም እንደዚያው ዝቅ አደረግኩት። ይሄ ቀስ ተብሎ ነው። አብዝታችሁ ከጎተታችሁ የኮቱ እጥፋት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በመጨረሻ ኮቱን ትንሽ አደበዘዝኩት፤ ፊቱ በስልክ የተነሳ ስለሆነ ኮቱ ብቻ ጥርት ብሎ ያሳብቃል።

ከአሁን በኋላ የምንሠራው እንዲህ ነው። አንገት የሚሸፍን ሹራብ ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ግን አንቀበልም። የማናየውን አንገት ፈጥረን መሳል አለብን፣ ያ ደግሞ የእናንተ አንገት አይሆንም። ለፓስፖርትና ለቪዛም ልብስ አንቀይርም።

ይህንን ቤት ሂርማታ አካባቢ በአንድ የፊልም ካሜራ ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምረቃችሁን ያነሳኋችሁ ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ወረቀቱም ቀለሙም በየወሩ ሲጨምር ዝም ብዬ ችያለሁ። በስሜ የወጣ ፎቶ ሰው ሲያሳፍር ግን አልችልም።

150 ብር የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ ስቱዲዮው ውስጥ በሦስት ልክ እውነተኛ ኮትና ሸሚዝ ሰቅለናል። ለብሳችሁ ተነሱ፤ የምትከፍሉት የተለመደውን የጉርድ ፎቶ ዋጋ ብቻ ነው። የልጁን ሁለት ፎቶዎች በፈቃዱ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። እባካችሁ ከመቀየማችሁ በፊት መጥታችሁ አንገቱ ጋ እዩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ጅማ