ለደንበኞቻችን፦ ሰኞ ጠዋት ስክሪፕቱ ለምን እንደቆመና ቁልፉን ለምን ከውስጡ እንዳወጣነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰኞ ጠዋት የብዙዎቻችሁ የሽያጭ ሪፖርት አልመጣም። ሱቅ ከፍታችሁ ስልካችሁን ስታዩ ባዶ ነበር። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስልካችን ሲጮህ ዋለ። ሥራችሁ ስለተጉላላ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሪፖርቱን የሚልክላችሁ ስክሪፕት ግን አልተበላሸም። እንዲቆም አድርገን የሠራነው እኛው ነን፣ ምክንያቱንም ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

የቆየ ደንበኛችን የሆኑ እናት ደውለው «ልጄ፣ የሚሠራ ነገር ለምን ትነካካለህ?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ቅር ብሎኛል። ገና ከፒያሳ ሳንነሳ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሥራ ስንጀምር የመጀመሪያውን ስክሪፕት ከጻፍንላቸው ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ሥራ በዋዛ አልነካም። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነው፣ ሌሎቻችሁም ስለጠየቃችሁኝ መልሱን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

እስካሁን ስክሪፕታችሁን ከፍቶ ያየ ሰው ከላይ በኩል እንዲህ ያለ መስመር ያገኝ ነበር።

```python
BOT_TOKEN = "123456789:AAxxxxxxxxxxxx"
```

ይህ የቴሌግራም ቦት ቶክናችሁ፣ ማለትም የቦቱ ቁልፍ ነው። ቶክን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በአንድ ላይ ማለት ነው። የያዘው ሰው ቦቱን ሆኖ ለደንበኞቻችሁ መልእክት መላክ ይችላል። ለቦቱ የሚጻፍለትንም ያነባል። ቴሌግራም «አንተ ማነህ?» ብሎ ሌላ ነገር አይጠይቀውም። ከሥሩ ደግሞ የኤስኤምኤስ አገልግሎቱ ኤፒአይ ቁልፍ ነበር። እሱን ሌላ ሰው በተጠቀመበት ቁጥር የሚያልቀው እናንተ አስቀድማችሁ የከፈላችሁት ሂሳብ ነው።

ስንጀምር ፋይሉ ከአንድ ሱቅ ከአንድ ኮምፒውተር አይወጣም ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ኮምፒውተር ሲቀየር በፍላሽ ይገለበጣል። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ላኪልኝ» ስትባል በቴሌግራም ትልከዋለች። ቅርንጫፍ የከፈተ ደንበኛ ለወንድሙ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ስክሪፕቱ ስለጠቀማችሁ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ፋይሉ በሄደበት ሁሉ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል።

በቅርቡ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛችን ኮምፒውተሩን የሚጠግንለት ወጣት አለው። ልጁ ስክሪፕቱን ሊማርበት ብሎ ጊትሃብ የሚባል የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ጫነው። ክፋት አልነበረበትም። ብዙም ሳይቆይ ቦቱ ለደንበኛችን ገዢዎች የማያውቁትን የገንዘብ ማስታወቂያ መላክ ጀመረ። ክፍት የሆኑ ኮዶችን እያሰሱ ቶክን የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሰው ተቀምጦ መፈለግ አያስፈልገውም። እኛ የነቃነው በሌላ ምልክት ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው ስክሪፕት በየደቂቃው `409 Conflict` የሚል ስህተት ይጽፍ ነበር። ይህ ማለት በዚያው ቶክን ሌላ ቦታ ሌላ ፕሮግራም መልእክት እየጠየቀ ነው። እናንተም ስክሪፕቱን በሁለት ኮምፒውተር ሳታስኬዱ ይህን ቁጥር ካያችሁ ቶክናችሁ ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ያዙት።

ልጁ ደንግጦ መስመሩን ወዲያው አጠፋው። ግን ጊትሃብ የሚሠራበት ጊት የሚባለው ፕሮግራም የቀድሞውን ሁሉ ይይዛል። `git log -p` ብሎ የጻፈ ሰው የጠፋውን መስመር ከነቶክኑ ያየዋል። ስለዚህ አንዴ የወጣን ቁልፍ መደበቅ አይቻልም፣ መቀየር ብቻ ነው ያለው። ቴሌግራም ላይ ቦቶችን ወደሚያስተዳድረው `@BotFather` ገብታችሁ `/revoke` ብላችሁ የራሳችሁን ቦት ስትመርጡ አዲስ ቶክን ይሰጣችኋል። አሮጌው በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ለሁላችሁም አድርጉ ያልነው ይህንን ነው። የማን ፋይል የት እንደደረሰ አናውቅማ።

አዲሱ ስክሪፕት ውስጥ ቶክን የለም። በምትኩ ያለው ይህ ነው።

```python
import os
BOT_TOKEN = os.environ["BOT_TOKEN"]
```

ስክሪፕቱ ሲነሳ ኮምፒውተሩን «`BOT_TOKEN` በሚል ስም ያስቀመጥከው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይባላል። ቁልፉ ከእናንተ ኮምፒውተር ጋር ይቀራል፣ ፋይሉ ብቻውን ይሄዳል። አሁን ፋይሉን ለወንድማችሁም ለጠጋኙም ብትሰጡት የሚያገኙት ስሙን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ያያችሁት `KeyError: 'BOT_TOKEN'` ከዚህ የመጣ ነው። ኮምፒውተሩ ተጠይቆ «የለኝም» አለ፣ ስክሪፕቱም ቆመ። አንዳንዶቻችሁ «ባይኖርም ዝም ብሎ ቢቀጥልስ?» አላችሁኝ። ይቻላል፣ `os.environ.get("BOT_TOKEN")` ብለን ብንጽፈው አይቆምም ነበር። ግን ቁልፉ ሲጠፋ `None` የሚል ባዶ መልስ ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ ወደ ቴሌግራም የሚሄደው አድራሻ `botNone/sendMessage` ይሆናል። ቴሌግራም `404` ይመልሳል፣ እናንተም ሪፖርቱ ለምን እንደቀረ ሳታውቁ ትከርማላችሁ። በግልጽ ስሙን ጠርቶ የሚቆም ስክሪፕት ይሻላል። ይህን አስበንበት ነው ያደረግነው፣ ነገም ብትጠይቁኝ አልቀይረውም።

አሁን አሠራሩ። ዊንዶውስ ላይ `cmd` ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱና ይህን ጻፉ፣ በጥቅሱ ውስጥ የራሳችሁን አዲስ ቶክን አስገቡ።

```
setx BOT_TOKEN "አዲሱ ቶክን"
```

ከዚያ መስኮቱን ዝጉትና አዲስ ክፈቱ። ሰኞ ዕለት ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። `setx` ለወደፊት ነው የሚያስቀምጠው፣ አስቀድሞ የተከፈተ መስኮት አያየውም። በአዲሱ መስኮት ይህን ስትጽፉ `OK` ካለ ገብቷል።

```
if defined BOT_TOKEN echo OK
```

ቶክኑን ራሱን ስክሪን ላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ያልሰጠኋችሁ አውቄ ነው። ከኋላችሁ የቆመ ሰው ይኖራል፣ ፎቶም ይነሳል።

`OK` እያለ `401` ስህተት የሚመጣባችሁ ደግሞ ቁልፉ አለ ግን ልክ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ `/revoke` ካላችሁ በኋላ አሮጌውን ቶክን ነው ያስገባችሁት። `404` ከሆነ ብዙ ጊዜ ስትገለብጡ ፊደል ቀርቷል ወይም ትርፍ ነገር ገብቷል። በ`setx` ፈንታ በዊንዶውስ የቅንብር መስኮት በኩል ያስገባችሁ ሰዎች ጥቅስ ምልክቱን አታስገቡ። እዚያ ጥቅሱ የቶክኑ አካል ሆኖ ይቆጠራል።

ሌላው የገጠማችሁ ነገር በእጅ ሲነሳ የሚሠራው ስክሪፕት ማታ በ2 ሰዓት በራሱ ሲነሳ መቆሙ ነው። `setx` ቁልፉን የሚያስቀምጠው ለዚያ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ብቻ ነው። `Task Scheduler` ሥራውን በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚያስኬደው ከሆነ ቁልፉን አያየውም። የሥራውን ስም ሁለቴ ተጭናችሁ `General` የሚለው ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ። ቁልፉን ያስገባችሁበት ስም ካልሆነ ወደዚያ ቀይሩትና ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት።

ይህ ሁሉን ይጠብቃል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ቁልፉ አልተመሰጠረም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ በግልጽ ፊደል ነው ያለው። በእናንተ ስም የገባ ሰው ከፈለገ ያገኘዋል። ካሸሯ በራሷ የተጠቃሚ ስም ትግባ የምንለው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። የቴሌግራም ቶክን በአድራሻው ውስጥ ስለሚጻፍ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚወጣው ረጅም ስህተት ላይ ከ`/bot` ቀጥሎ ሙሉው ቶክን ይታይ ነበር። እናንተም ያንን ፎቶ አንስታችሁ በጋራ ግሩፓችን ላይ ትልኩልናላችሁ። ቁልፉን ከፋይሉ አውጥቶ በፎቶ መበተን ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ በአዲሱ ስክሪፕት ስህተቱ ቶክኑ ተሸፍኖ ነው የሚታተመው። እዚህች ላይ ብዙ ሌሊት አምሽተናል፣ ማንም አላስተዋላትም።

አንድ ነገር በተለይ ከነከነኝ። «ለጥገና ልታስከፍሉን ነው ስክሪፕቱን ያቆማችሁት» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ወገኖቼ፣ ለዚህ ለውጥ አንድ ብር አልጠየቅንም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ በዶላር የምንከራየው ሰርቨር ምን ያህል እንደከበደን አትጠይቁኝ። ወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ ጥቂት ጨምረናል እንጂ የወጣውን ያህል አልጨመርንም። እየሸፈንን ያለነው አብራችሁን ስለቆያችሁ ነው። ሰው ቀንሰን፣ ቢሮ አጥብበን፣ እናንተን ግን አልለቀቅንም።

ከለውጡ በፊት በቴሌግራምም በኤስኤምኤስም አሳውቀን ነበር። ጥቂቶች አይታችሁ በጊዜው አስተካክላችሁ ሰኞ ሥራችሁ ሳይቆም ዋለ፣ አመሰግናለሁ። ላላያችሁት ደግሞ አሁንም በስልክ እያገዝን ነው። ስትደውሉ ግን ቶክናችሁን አታንብቡልን፣ በጽሑፍም አትላኩልን። ያለ እሱ መርዳት እንችላለን። ከዚህ በኋላ የማንንም ቁልፍ እኛ ዘንድ አናስቀምጥም፣ የነበረንንም አጥፍተናል። ከእኛ ነኝ ብሎ ቶክን የሚጠይቃችሁ ሰው ቢደውል ስልኩን ዝጉበት።

ጥቁሩ መስኮት የሚያስፈራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ኑ፣ ወይም ቀጥሩንና ሱቃችሁ ድረስ እንመጣለን፤ ክፍያ የለውም። ኮምፒውተሩንና ቦቱን የከፈታችሁበትን ስልክ ይዛችሁ ኑ። ቶክኑን የምታስገቡት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ፣ እኛ አጠገባችሁ ቆመን እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት