ቅሬ እንጂ ቅሬታ አላልንም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ወሎ የተፋሰስ ሥራ ያወጣችሁትን ዘገባ አየሁት። ልጄ ነው በስልኩ ያሳየኝ። ፎቶው ቆንጆ ነው፤ አካፋ የያዘው ሰውዬ አማቼ ነው። ጽሑፉ ጋ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አደረግሁት። «ነዋሪው በቀበሌው የቅሬታ ዳኛ ጥሪ መሠረት ነቅሎ በመውጣት» ይላል።

የቅሬታ ዳኛ!

ጋዜጠኛችሁ እኔ ቤት ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ፣ ከሦስተኛው በኋላም እንጀራ በልቶ ነው የሄደው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቅሬ ነገርኩት። ጻፈም። ታዲያ ደሴን አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሏ «ታ» ጨመረች። ምናልባት እዚያ ቢሮ የተቀመጠ ሰው «ይሄ ገጠሬ ፊደል ገድፏል» ብሎ አርሞልን ይሆናል። ምስጋናችን ይድረሰው።

ነገሩ የፊደል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ቅሬታ ሰሚ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወንበር አለው፣ ደመወዝ አለው። አንባቢያችሁ ይህን ሲያነብ ሕዝቡን ከቤቱ ያወጣው መንግሥት ነው ብሎ ያምናል። ያወጣው ግን ቅሬ ነው። ቅሬን የማያውቅ ሰው እድር ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም፤ እሱም ቢሆን ግማሹ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬ ይቀብራል። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቷ ውሃና እንጀራ ይዛ ትመጣለች። የእኛ ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ለመቃብር መቆፈሪያ የሚመርጠው ሃይማኖት የለም። ግን ያው ቅሬ ቤት የተቃጠለበትን ይሠራል፣ የታመመን ተሸክሞ አስፋልት ያደርሳል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ያስቀምጣል። የቅሬ ዳኛ የሚባለውም ይህን ሁሉ የሚመራው ሰው ነው። የሾመው ሠፈሩ ነው። ደመወዙ ስድብ ነው።

የእርከን ሥራ ጥር ላይ ሲመጣ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ቀበሌው ከወረዳ ዕቅድ ይቀበላል። ሊቀመንበሩ የቅሬ ዳኞችን ይጠራል። ዳኞቹ ቀን ይቆርጣሉ፤ ዓርብ አይሆንም፣ እሁድ አይሆንም። አንድ ዓመት ቀበሌው በራሱ ዓርብ ቀን ጠርቶ የመጣው ሰው ከአካፋው ቁጥር ያነሰበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ስም የሚጠራው በቅሬው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ ስምንት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የሌለሁበትን ነገር አላወራም። ቀበሌው ጭንቅላት ይቆጥራል፣ እኛ ቤት እንቆጥራለን። የማን ሚስት ወለደች፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ የትኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ልጇ ዓረብ አገር ሄዶ ብቻዋን ቀረች፣ ይህ የእኛ መዝገብ ውስጥ አለ። እሷ አትጠራም። በቀበሌው ዝርዝር ግን «ቀሪ» ተብላ ትቀጣለች። የቀረ ሰው ለቅሬው መቀጫ ይከፍላል። ደጋግሞ ከቀረ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤት እሳት አይጫርም፤ ሬሳው ቤት ሲቀመጥ ማን ይነሣለታል? ማንም ሰው እርከን ወድዶ አይደለም የሚወጣው። ይህን ፈርቶ ነው። ቀበሌው ይህን ፍርሃት በነፃ ተበድሮ ይሠራበታል ማለት ነው።

በዘገባችሁ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀበሌው «የወሰንና የጎርፍ ቅሬታዎችን በአጭር ጊዜ እልባት እየሰጠ» እንደሆነ ተጽፏል። ከነዚህ አንዱ የእኔ ነው። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ፤ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም።

የእኔ ማሳ ከተዳፋቱ ሥር ነው። ከላይ ያለው የጎረቤቴ ነው። የዘመቻው እርከን በሁለታችንም ማሳ ላይ በጥር ተሠራ። አፈራችን ዋልካ ነው፤ ውሃ ይይዛል። እርከኑ ደግሞ ውሃ እንዲያቁር ተብሎ ዳር እስከ ዳር ደልደል ተደርጎ ነበር የወጣው። ሐምሌ ሲመጣ የጎረቤቴ ጤፍ ውሃ ላይ ተኝቶ ቢጫ ሆነ። እሱ ምን ያድርግ? በሌሊት የእርከኑን ጫፍ ቆርጦ ውሃውን ለቀቀው። ወደ እኔ። ጠዋት ስነሣ ጤፌ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ጉልበቴ ድረስ የሚገባ ቦረቦር።

ቀበሌ ሄድኩ። «ዕቅዱ ከወረዳ ነው የመጣው» አሉኝ። ወረዳ ሄድኩ። «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ባለሙያው መስክ ወጥቷል። መስክ ማለት የእኔ ማሳ አለመሆኑን ግን አረጋግጣለሁ። ፍርድ ቤት ክስ ላስገባ ስል ቀጠሮው ለጥቅምት ነው ተባልኩ። ዝናብ ቀጠሮ ቢቀበል ጥሩ ነበር።

ወደ ቅሬው ሄድኩ። ጸሐፊ ስለሆንኩ መዝገቡን አስረክቤ እንደ ማንኛውም ከሳሽ ቆምኩ። እኔ አንድ ሽማግሌ መረጥኩ፣ ጎረቤቴ አንድ መረጠ፣ ሁለቱ ሦስተኛውን መረጡ። ሁለታችንም ዋስ ጠራን። ዋስ የሚያስፈልገው ውሳኔው ከወጣ በኋላ «አልቀበልም» የሚል እንዳይኖር ነው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ አልተሰበሰቡም። ዝናብ ጠበቁ። ይህን ነው ፍርድ ቤት የማያደርገው። ዝናቡ ሲመጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከእኔ ማሳ ሥር ተነሥተው ውሃውን እየተከተሉ ወደ ላይ ወጡ። የተቆረጠውን ጫፍ አገኙት። ጎረቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

ብዙም አልቆየ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «አያ፣ ድሮ ይሄ ውሃ በየት ነበር የሚወርደው?» አለኝ። ዝም አልኩ። እዚያው ሠፈር ተወልደው ያረጁ አንዲት እናት ተጠሩ። በበትራቸው አሳዩ፤ በሁለታችን ድንበር ላይ ሣር የለበሰ የውሃ መፋሰሻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ትልም ሦስት ትልም እያልኩ አርሼ የበላሁት እኔ ነኝ። ውሃው መንገዱን አጥቶ ነው ጤፌ ውስጥ የገባው። እንግዲህ ይህን በየትኛው ክስ ላይ እጽፈዋለሁ?

ውሳኔው ይህ ነው። ጎረቤቴ የቆረጠውን ይደፍናል፤ እርከኑ ግን ውሃው በዝግታ ወደ ዳር እንዲሄድ ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ይስተካከላል። እኔ ያረስኩትን መፋሰሻ፣ ስፋቱን 2 ሜትር፣ እመልሳለሁ። እሱ 200 ብር፣ እኔ 100 ብር ለቅሬው እንቀጣለን። ለክረምቱ ቦረቦሩ ሦስት ቦታ በድንጋይ ይታሰራል። ከአጨዳ በኋላ ቅሬው በጅጌ ወጥቶ መፋሰሻውን ድንጋይ ያለብሰዋል፤ ንፍሮና ቅሪቦ ከእኔ። ዱዓ ተደረገ፣ ተሳሳምን። ጥር ላይ 34 ቤት ለሁለት ቀን ወጥቶ ጨረሰው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ አንድ ቅጂ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ገባ። ያ ቅጂ ነው ሪፖርት ላይ «በቀበሌው የተፈታ» ተብሎ የተቆጠረው። ማኅተሙ የነሱ ስለሆነ አልዋሹም።

ሽማግሌ የሚሠራው ሕግን ሸሽቶ አይደለም። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ራሱ በአንቀጽ 12 የመሬት ክርክር መጀመሪያ በስምምነት እንዲያልቅ፣ ካልሆነ ተከራካሪዎቹ በመረጡት ሽማግሌ እንዲታይ ይል ነበር። የመፋሰሻውም ነገር ቢሆን የባለሙያ ትምህርት ነው፤ መፋሰሻው አስቀድሞ ተሠርቶ ሣር ከያዘ በኋላ ነው ውሃ የሚለቀቅበት። ዘመቻ ላይ ግን የሚቆጠረው የእርከን ኪሎ ሜትር ነው። መፋሰሻ ሪፖርት ላይ አያምርም።

ቅሬ መልአክ ነው አላልኩም። ደም የፈሰሰበትን ጉዳይ አንነካም፤ ሽማግሌ ቤተሰብ ቢያስታርቅም ወንጀሉ የፍርድ ቤት ነው። ከላይ ያነሣኋቸው እናት ለምስክርነት ተጠሩ እንጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተቀመጡም። መሬቱን ከሦስቱም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቀበሌው ቅሬ እንደሚሠራለት ካየ በኋላ የመዋጮ ገንዘብም በቅሬ ዳኛ በኩል አሰብስቡ ማለት ጀመረ። አንድ ዓመት ሰበሰብን። በዚያ ዓመት ሰው የቅሬ ዳኛውን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር፤ ለጠብ የሚጠራውም ጠፋ። ገንዘብ የሚሰበስብብህን ሰው ጓዳህን አታሳየውም። ዳኛችን ለሊቀመንበሩ ነገሩት፣ «ወይ ቅሬውን ውሰድ፣ ወይ ለእኛ ተወው።» ተወው። ከደርግ ጊዜም ያየነው አለ። ያኔ እርከን በገበሬ ማኅበር ትእዛዝና በእህል ክፍያ ብዙ ተሠርቶ ነበር። መንግሥቱ በ1983 ሲወድቅ ብዙ ቦታ ሕዝቡ ራሱ አፈረሰው፤ ደኑንም መነጠረው። የኔ ነው የሚል አልነበረማ።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። «የቅሬታ ዳኛ» የሚለው «የቅሬ ዳኛ» ይባል። አማቼም «የቀበሌው ነዋሪ» ሳይሆን የቅሬው ዳኛ ነው፤ ሰውየው ራሱ ፎቶው ላይ ቆሞ ሥራውን ለሌላ ሰጣችሁበት።

ጋዜጠኛው ደግሞ ማስታወሻ ደብተሩን እኔ ቤት ረስቶ ነው የሄደው። ከፍቼ አየሁት፣ ይቅር ይበለኝ። «ቅሬ» የሚለው ቃል በትክክል ተጽፏል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ሲመጣ ይወስደዋል።

ከቅሬው ጸሐፊ፣ ወሎ