የሽፍታው ስድብ ይስተካከል

ሰላም የደብረ ማርቆስ ተርጓሚዎች። በምንተረጉመው ጌም ውስጥ ሽፍታው አንጥረኛውን የሚሰድብበትን መስመር አየሁት። እንግሊዝኛው «ባስታርድ» ይላል፤ እኛ «ዲቃላ» ብለነዋል። ይሄ እኛ ዘንድ እናትንም ይነካል። የጌሙ የዕድሜ ደረጃ በአውሮፓው ምደባ ፔጊ 12 ነው፤ የሚፈቅደው ለስለስ ያለ ስድብ ብቻ ነው።

በአማራጭነት የቀረበው «ቡዳ» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም! እዚህ ጎጃም ባለእጆች ሲገለሉበት የኖረ ቃል ነው። ጌሙን የሚጫወት የአንጥረኛ ልጅም ይኖራል። ጥላቻ የሚቀሰቅስ መድልዎ ፔጊ ዘንድ 18 ነው።

«አንተ ወስላታ!» እንበል፤ ሽፍታው ንዴቱ አይጎድልበትም። አንጥረኛው «አፍህን ሰብስብ!» ብሎ ይመልስ። «ፋራ»ን ለትንሹ ሌባ ተዉለት፣ የከተማ ልጅ ስለሆነ እሱ አፍ ላይ ያምራል።

እስከ ዓርብ «ዲቃላ»ንና «ቡዳ»ን በየፋይላችሁ ፈልጋችሁ ቀይሩልኝ።