ለቅዳሜው ጥናት፦ የ"ኪ–ቪ" ሰንጠረዥ

ሰላም የአራት ኪሎ ስዋሂሊ ቡድን አባላት፣

ለቅዳሜ በነጠላ "ኪ"፣ በብዙ "ቪ" ስለሚጀምሩት የስዋሂሊ ስሞች የሚናገረውን ምዕራፍ ገልብጣችሁ አትምጡ፤ በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አሳጥሩት። መጀመሪያ ማብራሪያውን ዝለሉና ምሳሌዎቹን ብቻ ልቀሙ። ከዚያ ከቃሉ ጋር አብሮ የሚለወጠውን ግስ ጨምራችሁ እንዲህ ደርድሩ፦

| ነጠላ | ብዙ | "ወደቀ" ሲባል |
|---|---|---|
| ኪቲ (ወንበር) | ቪቲ | ኪሜአንጉካ / ቪሜአንጉካ |
| ቹምባ (ክፍል) | ቭዩምባ | ኪሜአንጉካ / ቪሜአንጉካ |
| ኪጃና (ወጣት) | ቪጃና | አሜአንጉካ / ዋሜአንጉካ |

ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ስህተቱ የሚታየው ግን እዚያ ነው። ሁለተኛው ረድፍ የድምፅ ለውጥ ብቻ ነው፦ "ኪ" አናባቢ ሲከተላት ብዙ ጊዜ "ች" ትሆናለች፣ "ቪ" ደግሞ "ቭይ"። ግሱ ግን አልተነካም። ሦስተኛው ረድፍ ተቃራኒው ነው፤ ስሙ እንደ ወንበር ይበዛል፣ ግሱ ግን የሰውን ይይዛል። ምክንያቱም ስዋሂሊ ግሱን ሲያስማማ ሕይወት ላለው ነገር ያደላል። ኪዮንጎዚ (መሪ) እና ኪቦኮ (ጉማሬ) እዚሁ ይገባሉ። "ቪጃና ቪሜአንጉካ" ያለ ሰው ወጣቶቹን ዕቃ አደረጋቸው ማለት ነው።

ልዩ ሁኔታዎቹን ገጹ ግርጌ አታጉሯቸው፣ እዚያ ማንም አያያቸውም። ከሚጥሱት ደንብ ሥር፣ በሌላ ቀለም ይጻፉ። ለአንድ ረድፍ ሦስት ምሳሌ ይበቃል።

ስትጨርሱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍኑና ከነጠላው ብቻ ሙሉውን በቃል አውጡ። ግሱ ላይ የምትደናቀፉባቸውን ቃላት ምልክት አድርጋችሁ አምጡ፤ ቅዳሜ የምንጀምረው ከእነሱ ነው።