የቴሌግራም ኮዳችሁን ለማንም እንዳትሰጡ

ሰላም የማኅበራችን አባላት፣

ትናንት ጫማ የምትሸጥ አባላችን “የቴሌግራም ድጋፍ ክፍል ነን፤ ቻናልሽ ሊዘጋ ስለሆነ የደረሰሽን ኮድ ላኪልን” የሚል መልእክት ደረሳት። ደንግጣ ላከች። ሌባው ወዲያው አካውንቷ ውስጥ ገባ። ቴሌግራም ኮድ አይጠይቅም፤ የሚጠይቃችሁ ሌባ ነው።

ደግነቱ ቶሎ ነገረችን። አዲስ የገባ ስልክ ለ24 ሰዓት ነባሩን ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ Devices ገብታ የማታውቀውን ስልክ አስወጣችው። ከዚያ Two-Step Verification ላይ የይለፍ ቃል አወጣች። እናንተም ዛሬውኑ አውጡ፤ ኮዱ ቢያመልጣችሁ እንኳ ሌባው ያለ ይለፍ ቃሉ አይገባም።

በስሟ የተከፈተ ሌላ ቻናልም አይተናል። ፎቶው ያው የሷ ነው፤ ዩዘርኔሙ ላይ ግን አንድ ፊደል ተደግሟል። ደንበኞቿ ብር እንዳይልኩለት ትክክለኛውን ዩዘርኔም ቻናሏ ላይ ፒን አድርጋለች። እባካችሁ ሐሰተኛውን Report አድርጉት።