ቁጠባን አሥር ዓመት ማዘግየት በወር ስንት ያስከፍላል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የንግዳችሁን ሂሳብ ልታዘጉ ስትመጡ «መጀመሪያ ሱቁ ይቁም፣ ቁጠባው ይደርሳል» የምትሉን ብዙ ናችሁ። ሱቁ ይቁም፣ ጥሩ ነው። ግን የመቆየቱን ዋጋ አይታችሁ ወስኑ ብለን ይህን ጻፍን።

አሸዋ ገበያ ጎን ለጎን ጨርቅ የሚሸጡ እህትና ወንድም አሉ እንበል። ሁለቱም 55 ዓመት ሲሞላቸው 1 ሚሊዮን ብር እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ። እሷ በ25 ዓመቷ ጀመረች፤ እሱ በ35። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው፣ በየወሩ እየታሰበ ዋናው ላይ ይደመራል።

እሷ በወር 820 ብር ይበቃታል። እሱ «በቃ፣ እጥፍ አስገባለሁ» ይላል። በወር 1,640 ብር ቢያስገባ ግን 854 ሺህ ገደማ ላይ ይቆማል። የሚያስፈልገው 1,920 ብር ነው።

ለምን? በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት እህትየው ከኪሷ ያስገባችው 98,400 ብር ብቻ ነው። ወለዱ ተጨምሮበት 142 ሺህ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ስታዩት የሚያስቀና ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያወጣውም እዚሁ ጋ ነው። ያ ገንዘብ ሳይነካ ሌላ 20 ዓመት ሲቀመጥ ግን ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ 573 ሺህ ይደርሳል። ከሚሊዮኑ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከነዚያ አሥር ዓመታት ነው ማለት ነው። ወንድምየው ይህን 573 ሺህ ለመተካት ነው ለ20 ዓመት በየወሩ 1,100 ብር የሚጨምረው።

ከወለድ ነፃ ሂሳብ ለምትጠቀሙ ደንበኞቻችን ስሌቱ ይለያል። ገንዘቡ ምንም ሳይጨምር በአደራ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ እህት በወር 2,778፣ ወንድም 4,167 ብር ያስፈልጋቸዋል። መዘግየቱ እዚህም ያስከፍላል፣ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ትርፍ የሚጋራ ሂሳብ ከሆነ ትርፉ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ቁርጥ ያለ ቁጥር አንሰጣችሁም። ዕቁብም ቢሆን ያስገባችሁትን ነው የሚመልስላችሁ።

ሁለት ነገር ስሌቱ ውስጥ አላስገባንም፦ ከወለድ ላይ የሚቆረጠውን ግብርና የዋጋ ንረትን። ከዛሬ 30 ዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን ብር የዛሬውን ያህል እንደማይገዛ እናንተው ከኛ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ገቢያችሁ ባደገ ቁጥር ወርሃዊውንም ከፍ አድርጉ።

35 ያለፋችሁ ደግሞ መጨረሻውን መግፋት ትችላላችሁ። ወንድምየው እስከ 60 ዓመቱ ቢታገስ ወርሃዊው ወደ 1,235 ብር ይወርዳል። የራሳችሁን ለማየት ኤክሴል ላይ ይህን ጻፉ፤ 300 የወራቱ ብዛት ነው፦

```
=PMT(7%/12,300,0,-1000000)
```

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብ ቢሯችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ